የጠገራ ብር ፎቶ፦ «ከዚህ ምንም ማለት አልችልም» የሚል መልስ ሲመጣ

አንድ ጠገራ ብር ከእናት ሳጥን ይወጣል። ሁለት ፎቶ ይነሳና ለሚያውቅ ሰው ይላካል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ከዚህ ፎቶ ምንም ማለት አልችልም» የሚል ነው። ላኪው ቅር ይለዋል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፎቶው ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ መጥፎ ፎቶ ደህናውን ብር ፎርጅድ ያስመስለዋል።

መጀመሪያ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ እንግባባ። ጠገራ ብር ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ግን ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ «1780 ይላል» ብሎ መጻፍ ዕድሜውን አይነግርም። መለየት ያለበት ሁለት ነገር ነው። ብሩ በመንግሥት ማተሚያ የተመታ ነው ወይስ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ? የተመታ ከሆነስ የት? ለሁለቱም መልሱ ያለው ጥቃቅን ቦታዎች ላይ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ፣ በራሷ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች፣ በጀርባው ያለው የንስሩ የጅራት ላባ፣ ከምስሏ ሥር ያሉት ኤስ እና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠርዙ።

ችግር፦ ፊደሎቹና ፀጉሯ የቀለጡ ይመስላሉ

ይህ ዋናው ነው። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል። አንደኛ፣ ብሩ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ብሩ ትክክለኛ ነው፤ ግን ከእጅ እጅ ሲዞር አልቋል። ሦስተኛ፣ ፎቶው ፎከስ አላደረገም። ሦስቱም በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ።

መለያው ጭረት ነው። ፎቶውን ዙም አድርጉና ከምስሏ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ሜዳ እዩ። ያገለገለ ብር ሁሉ እዚያ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አሉት። ጭረቶቹ ጥርት ብለው እየታዩ ፊደሎቹ ብቻ ከደበዘዙ፣ ድብዘዛው የብሩ ነው። ጭረትም ፊደልም እኩል ከጠፉ ጥፋቱ የፎቶው ነው፤ ከመላካችሁ በፊት ድገሙት።

ድብዘዛው የብሩ ከሆነ ደግሞ የት የት እንዳለ ይታያል። ያለቀ ብር የሚያልቀው ከፍ ያለው ቦታው ነው፤ ጉንጯ፣ ፀጉሯ፣ የትከሻዋ ጌጥ። ዝቅ ያሉት ቦታዎችና የፊደሎቹ ሥር ስል እንደሆኑ ይቆያሉ። ፈስሶ የተሠራው ግን ከላይም ከታችም እኩል የለሰለሰ ነው። ሜዳው ላይም ብረቱ ሲፈስ አየር የተወው የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ሊኖሩት ይችላል።

ፎከስ የሚጠፋው ስልኩ ከመጠን በላይ ስለሚጠጋ ነው። ብዙ ስልክ በጣም ሲጠጉት ማጥራት አይችልም። አንዳንዱ ደግሞ በራሱ ወደ ሰፊው ሌንስ ይቀይራል፤ ያኔ ክቡ ይንጋደዳል፣ የስልኩም ጥላ ብሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስልኩን ወደ 20 ሳንቲሜትር አርቁና 2 እጥፍ ዙም አድርጉ። ስልኩን በሁለት ክምር መጽሐፍ መሀል አጋድሙት፤ ሌንሱ ክፍተቱ ላይ ይሁን፤ ብሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከሥሩ። የ3 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፤ ቁልፉን ስትነኩ ስልኩ ይነቃነቃልና።

ችግር፦ ምስሏ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፣ ወይም ብሩ ጠፍጣፋ ወረቀት ይመስላል

ነጭ የሚሆነው በፍላሽ ነው፤ ፍላሽ ይጥፋ። ሌላው ምክንያት ጥቁር ጨርቅ ነው። ስልኩ ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ብሩም ይቃጠላል። ግራጫ ወረቀት ወይም ተራ ካርቶን ይሻላል። ስክሪኑ ላይ ብሩን ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች እየሳባችሁ ብርሃኑን ቀንሱ።

ጠፍጣፋ የሚሆነው ደግሞ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲመጣ ነው። ጥላ ከሌለ ከፍታና ዝቅታ አይታይም። የክፍሉን መብራት አጥፉና አንድ መብራት ብቻ ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ያኔ እያንዳንዱ ዕንቁ ጥላ ይጥላል፣ ጉድጓድም ካለ ይጋለጣል። ከዚያ መብራቱን ሳትነኩ ብሩን ሩብ ዙር አዙሩና ድገሙ። አንዱ ላይ በጥላ የተሸፈነው ሌላው ላይ ይወጣል። ለቀለሙ ደግሞ በመስኮት ብርሃን አንድ ተጨማሪ አንሱ።

እባካችሁ፣ ፎቶው እንዲያምር ብላችሁ በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት። መፈተግ የብሩን ገጽ ይበላል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። ጥጉ ላይ ያለው ጥቁረት ራሱ ማስረጃ ነው።

ችግር፦ ሁለቱም ገጽ ጥሩ ነው፣ ግን «ጠርዙስ?» ይሏችኋል

ጠርዙ ዙሪያውን በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ጽሑፍና በመካከሉ ጌጣጌጥ አለው። ፈስሶ የተሠራው እዚህ ላይ ይያዛል፤ ጽሑፉ የለም፣ ወይም ተሰባብሯል፣ ወይም ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። መስመሩን በሞረድ ያጠፉ ከሆነ የሞረዱ ጭረት ይቀራል።

ብሩን በሁለት ላጲስ መሀል አቁሙትና ጠርዙን ከላይ አንሱ። በአንድ ፎቶ አያልቅም። ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ 6 ወይም 8 ፎቶ አንሱ፤ የአንዱ መጨረሻ በሌላው መጀመሪያ ላይ ይደገም።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከአንገት ጌጥ የተፈታ ብር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፎቶዎች ጉንጯም ፀጉሯም ልስልስ ነው፣ ከላይ በኩል ጠርዙ ላይ እብጠት አለ። ያየ ሁሉ «ፎርጅድ» አለ። በጎን ብርሃን ሲደገም ግን ሜዳው ላይ ጭረት እንጂ ጉድጓድ የለም፤ የፊደሎቹ ሥርም ስል ነው። የጠርዙ ፎቶ ጽሑፉን ሙሉውን አሳየ፤ እብጠቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ሁለት ፊደል ተሸፍኗል። እብጠቱ ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደበት ነበር። ልስላሴውም ከልብስ ጋር ሲፋተግ የኖረ ጌጥ ልስላሴ ነው። ብሩ ትክክለኛ ነው፤ በጌጥነቱ ተጎድቷል እንጂ።

ችግር፦ እናንተ ጋ ጥርት ያለው ፎቶ እነሱ ጋ ደብዝዟል

ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል። «File» በሚለው በኩል ላኩት፤ ዋትስአፕ ላይ ደግሞ «Document» በሚለው። የስክሪን ፎቶ አትላኩ። ብሩ በፕላስቲክ ውስጥ ካለም አውጡት።

ችግር፦ ፎቶው ሁሉ ደህና ነው፣ አሁንም እርግጠኛ አይደሉም

ፎቶ የብሩን ውስጥ አያሳይም። ክብደቱ ይጨመር። ደረጃው 28.07 ግራም ነው፤ ያለቀው ትንሽ ያንሳል፣ ቀለበት የተበየደበት ሊጨምር ይችላል። ክፍልፋይ የሚያሳይ የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ያስፈልጋል። ቁጥሩና ብሩ በአንድ ፎቶ ይታዩ። ከማስመሪያ ጋርም አንድ አንሱ፤ ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው።

ክብደቱ ልክ ሆኖ ጥርጣሬ ካልለቀቀ በውሃ ይፈተናል። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ትክክለኛው ብር ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም አካባቢ ያሳያል። ያው ክብደት ያለው መዳብ ከ3.1 በላይ ይሄዳል፣ ነሐስም እንዲሁ። ይህንን ቁጥር ክሩ እንደተንጠለጠለ አንስታችሁ ከሌሎቹ ፎቶዎች ጋር አብራችሁ ላኩ።