የጥንት የዐረብኛ ግጥምን ቆርጠው ባሕሩን ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዐረብኛ ጥንታዊ ግጥም የሚለካው በረዣዥምና በአጫጭር ቀለሞች አሰላለፍ ነው። የባስራው ሊቅ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን አሰላለፍ መርምሮ 15 የልክ ዓይነቶችን ለየ፤ እያንዳንዱንም «ባሕር» አለው። ኋላ አንድ ተጨምሮ ቁጥራቸው 16 ሆነ። አንድን ስንኝ በቀለም በቀለሙ ከፋፍሎ ከየትኛው ባሕር እንደተቀዳ መለየት «ተቅጢዕ» ይባላል፤ ትርጉሙም መቁረጥ ማለት ነው። የዐረብኛው ሙሉ ስንኝ እንደ እኛው «ቤት» ይባላል። ሁለቱ እኩሌታዎቹ ደግሞ በሁለት ተካፋች በር መዝጊያዎች ተመስለው ተሰይመዋል።

ዐረብኛ ማንበብ የሚችሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ግጥም መቁረጥ ሲጀምሩ የሚሠሯቸውን ስህተቶች በአንድ ስንኝ ላይ ማሳየት ይቻላል። ስንኙ ከእስልምና በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የኢምሩኡል-ቀይስ ታዋቂ ግጥም መክፈቻ ነው። ገጣሚው ሁለት ባልንጀሮቹን «ቁሙ፤ ወዳጅንና ሰፈሯን አስታውሰን እናልቅስ» ይላቸዋል። ሁለተኛው እኩሌታ ሰፈሩ የት እንደሆነ ይናገራል፦ አሸዋው በሚያልቅበት፣ በደኹልና በሐውመል መካከል። ተቆርጦ ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ ˘ አጭር፣ – ረጅም ቀለምን ያመለክታል፤ | ደግሞ ባሕሩ የተሠራባቸውን ክፍሎች ይለያል።

ቂ-ፋ-ነብ | ኪ-ሚን-ዚክ-ራ | ሐ-ቢይ-ቢን | ወ-መን-ዚ-ሊይ
˘ – – | ˘ – – – | ˘ – – | ˘ – ˘ –

ቢ-ሲቅ-ጢል | ሊ-ዋ-በይ-ነድ | ደ-ኹው-ሊ | ፈ-ሐው-መ-ሊይ
˘ – – | ˘ – – – | ˘ – ˘ | ˘ – ˘ –

ባሕሩ «ጠዊል» ነው። ልኩም ፈዑውሉን፣ መፋዒይሉን፣ ፈዑውሉን፣ መፋዒሉን ተብሎ ይዜማል።

በፊደላችን ሲገለብጡ ርዝመቱን መጣል

ብዙ ሰው ዐረብኛውን በአማርኛ ፊደል «ሐቢቢን» ብሎ ይጽፍና ከዚያ መቁረጥ ይጀምራል። ችግሩ ፊደላችን አጭሩን «ኢ» ከረጅሙ፣ አጭሩን «ኡ»ም ከረጅሙ አለመለየቱ ነው፤ ሁለቱም በሣልስና በካዕብ ይጻፋሉ። በዚህ ቃል ውስጥ ግን የመጀመሪያው «ቢ» ረጅም ሲሆን ሁለተኛው የሚረዝመው «ን» ስለዘጋው ብቻ ነው። ከላይ «ቢይ» እና «ኹው» ብዬ የጻፍሁት ለዚህ ነው፤ ዐረብኛው ራሱ ረጅሙን አናባቢ በ«ያ» ወይም በ«ዋው» ስለሚጽፍ ያንን ፊደል በሳድስ አስከትሎ መገልበጥ ርዝመቱን ያድነዋል። የመፋዒይሉንና የመፋዒሉን ልዩነት በሙሉ ያቺ አንዲት «ይ» ናት።

ደንቡ ቀላል ነው። ግዕዝ፣ ካዕብና ሣልስ ለብቻቸው ሲቆሙ አጭር ቀለም ይሆናሉ፤ ሳድስ ሲከተላቸው ረጅም ይሆናሉ፤ ራብዕ ለብቻውም ረጅም ነው። ሆኖም የጉሮሮ ፊደሎቻችን እዚህ ላይ ያሳስታሉ። ሀ፣ ሐ፣ አ እና ዐ በግዕዝ ቢጻፉም በአማርኛ አፍ እንደ ራብዕ ይነበባሉ፤ ስለዚህ «ሐቢይቢን» የሚለውን ያነበበ ሰው «ሐ»ን ሳያውቀው ያረዝማታል። እንዲያ ያረዘመና «ቢይ»ን ደግሞ ያሳጠረ ሰው ˘ – – ማግኘት ሲገባው – ˘ – ያገኛል። ይህ ደግሞ «ፋዒሉን» የተባለ እውነተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ስህተቱ ስህተት መስሎ አይታየውም፤ ወደ ሌላ ባሕር ይዞት ይሄዳል። እኔንም ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ያደከመኝ ይህ ነበር።

የሚሰማውን ትቶ የሚጻፈውን መከተል

በተቅጢዕ ዋጋ ያለው ምላስ ላይ የሚወጣው ብቻ ነው። ዐረብኛው ከመቆረጡ በፊት በሚሰማው ልክ እንደገና የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። የቃል መጨረሻ «ን» ፊደል ሆና ባትጻፍም ትሰማለችና ትቆጠራለች፤ «ሐቢይቢን» ላይ ያለችው እንዲህ ያለች ናት። የጠበቀ ፊደል ሁለት ፊደል ነው፤ የመጀመሪያው ሳድስ ሆኖ የፊተኛውን ቀለም ይዘጋል፣ ሁለተኛው የራሱን ቀለም ይከፍታል። እኛ «አለ» ብለን ጽፈን ሲጠብቅና ሲላላ በዐውዱ ስለምንለይ፣ መጥበቅ በጽሑፍ አለመታየቱን ለምደነዋል፤ በተቅጢዕ ግን ያልተጻፈ ጥብቀት የጠፋ ቀለም ነው።

ትልቁ ፈተና «አል» የምትለው መስተኣምር ናት። ከፊቷ ቃል ካለ «አ» ትወድቃለች። ስለዚህ «ቢሲቅጢ አል-ሊዋ» የሚለው «ቢሲቅጢልሊዋ» ይሆናል። «በይነ አል-ደኹውሊ» ላይ ደግሞ «ል» ራሷ በ«ደ» ትዋጥና «በይነድደኹውሊ» ይባላል። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለተኛውን እኩሌታ ቃል በቃል ሲያነብ «ቢ-ሲቅ-ጢ-አል-ሊ-ዋ» ብሎ ይጀምራል፤ በዚህ አካሄድ ከ14 ቀለም ይልቅ 16 ያገኛል። የመጀመሪያው እኩሌታ 14 ሆኖ ሁለተኛው 16 ከሆነ፣ የዚህ ግጥም ጠዊል በሁለቱም በኩል 14 ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የሚፈተሹት በሁለቱ መካከል ያሉት «አል»ዎች ናቸው። በረጅም አናባቢ የሚያልቅ ቃል «አል» ሲከተለውም እንዲሁ ያጥራል፤ «ፊይ» እና «አልበይት» ተገናኝተው «ፊልበይት» ይሆናሉ።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ሰዋስው ከሚያውቁ ሰዎች ይመጣል። «ነብኪ» የሚለው ግሥ በተለመደው አኳኋኑ በረጅም «ኪይ» ያልቃል። እዚህ ግን የትእዛዝ መልስ በመሆኑ «ያ»ዋ ወድቃለች፤ ስለዚህ «ኪ» አጭር ናት። ቃሉን ከልማድ አርዝሞ ያነበበ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ገና ሲጀምር ያበላሸዋል።

በቃል ድንበር መቁረጥ

ክፍሎቹ ከቃላት ጋር አይገጥሙም። ከላይ እንደሚታየው የመጀመሪያው ክፍል «ነብኪ»ን ሰብሮ «ነብ» ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው በ«ኪ» ይጀምራል። በሁለተኛው እኩሌታ «ሊዋ»ን ጨርሶ «በይነድ» ብሎ የሚዘጋው ክፍል የቀጣዩን ቃል መስተኣምር ዋጥ አድርጎ ይዟል። ስለዚህ አስቀድሞ ቃላቱን አገጣጥሞ በአንድ እስትንፋስ እንደሚነበብ አድርጎ መጻፍ፣ ቀጥሎ ቀለሞቹን ማስመር፣ ክፍሎቹን መጨረሻ ላይ መለየት ይሻላል።

ቀለም ቆጥሮ መፍረድ

የአማርኛ ግጥም ልክ በቀለም ቁጥር የሚያዝ ነው፤ የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ሆኖ 12 ቀለም አለው። ይህን የለመደ ጆሮ የዐረብኛውንም በቁጥር ለመያዝ ይፈልጋል። ጠዊል ላይ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 14 ስለሆነ ዘዴው የሠራ ይመስላል። ሌላ የታወቀ ግጥም፣ የገጣሚውን የዐንተራን መክፈቻ፣ ብንወስድ ግን ዘዴው ይከሽፋል።

ሀል-ጋ-ደ-ረሽ | ሹ-ዐ-ራ-ኡ-ሚን | ሙ-ተ-ረድ-ደ-ሚይ
– – ˘ – | ˘ ˘ – ˘ – | ˘ ˘ – ˘ –

አም-ሀል-ዐ-ረፍ | ተድ-ዳ-ረ-በዕ | ደ-ተ-ወህ-ሁ-ሚይ
– – ˘ – | – – ˘ – | ˘ ˘ – ˘ –

የመጀመሪያው እኩሌታ እንደ ጠዊል 14 ቀለም ሲኖረው ሁለተኛው 13 አለው። ባሕሩ ግን ጠዊል ሳይሆን «ካሚል» ነው፤ ሁለቱም እኩሌታዎች ትክክል ናቸው። በካሚል ሁለቱ አጫጭር ቀለሞች ተጣምረው አንድ ረጅም ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ሙተፋዒሉን» (˘ ˘ – ˘ –) «ሙስተፍዒሉን» (– – ˘ –) ይሆናል፣ ቁጥሩም በአንድ ይቀንሳል። ቁጥር የሚጠቅመው የቆራጩን ስህተት ለመጠርጠር እንጂ ባሕሩን ለመፍረድ አይደለም። ከቁጥር የሚበልጥ መፈተኛ አለ፦ በዐረብኛ ልክ አጫጭር ቀለሞች በተከታታይ ከሦስት አይበልጡም። አራት ካገኙ የሆነ ቦታ ያልታየ ጥብቀት ወይም ያልተቆጠረ ርዝመት አለ።

የተፈቀደውን ለውጥ እንደ ጉድለት ማየት

የኢምሩኡል-ቀይስ ሁለተኛ እኩሌታ ሦስተኛ ክፍል «ደኹውሊ» ˘ – ˘ ነው፤ ከ«ፈዑውሉን» የመጨረሻው ርዝመት ቀርቶ «ፈዑውሉ» ሆኗል። ጀማሪ እዚህ ሲደርስ ወይ «ሊ»ን በግድ ያረዝማል፣ ወይ ገጣሚው ሳተ ይላል። በክፍሎች ውስጥ የሚፈቀዱ እንዲህ ያሉ ለውጦች «ዚሓፍ» ይባላሉ፤ ጠዊል ውስጥ ይህኛው እጅግ የተለመደ ነው። ማርዘም የሚገባው ስንኙ የሚያልቅበትን ቀለም ነው፤ «ፈሐውመሊ» ስንኙን ስለሚዘጋ «ሊይ» ተብሎ ይረዝማል። «መንዚሊ»ም በመክፈቻው ስንኝ ሁለቱ እኩሌታዎች ቤት ስለሚመቱ እንዲሁ ረዝሟል። በመካከል ያለውን «ደኹውሊ» በዚሁ ሰበብ ማርዘም ግን አይፈቀድም።

ምልክቶቹን ከዐረብኛ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ከቀኝ ወደ ግራ እንደተጻፉም ማስታወስ አለበት፤ ˘ – – ሲገለበጥ – – ˘ ይሆናል።

በመጀመሪያው ክፍል ባሕሩን መወሰን

የዐንተራ ስንኝ በ«ሀል-ጋ-ደ-ረሽ» ይጀምራል፤ ይህ ሙስተፍዒሉን ነው። ሙስተፍዒሉን ደግሞ የ«ረጀዝ» ባሕር መደበኛ ክፍል ነው። እዚያው ያቆመ ሰው ረጀዝ ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን እኩሌታ ብቻ የቆረጠ ሰውም ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱ ሙስተፍዒሉን ስለሆኑ የበለጠ ይተማመናል። ነገር ግን ረጀዝ ሙተፋዒሉንን በፍጹም አያስተናግድም፤ ካሚል ግን ሁለቱንም ያስተናግዳል። ስለዚህ በግጥሙ ውስጥ አንድ ሙተፋዒሉን እንኳ ከተገኘ ጉዳዩ ያልቃል፤ «ሹዐራኡሚን» ብቻዋን ትበቃለች። ክፍሎቹ በሙሉ ሙስተፍዒሉን የሆኑበት ነጠላ ስንኝ ያገኘ ሰው ቀጣዮቹን ስንኞች እስኪቆርጥ ድረስ ካሚልም ረጀዝም ብሎ ባይጽፍ ይሻላል።