ያገለገለ መኪና ሲገዙ የጎማውን ቀን ያንብቡ

ያገለገለ መኪና ሲያዩ ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ጎንበስ ብለው በአራቱም ጎማዎች ጎን ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያመለክታሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1417 የሚለውን በእኛ 2017 መስሎት «አዲስ ነው» ይላል፣ ጎማው ግን የተመረተው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው። ጥርሱ ገና ጥልቅ ቢሆን እንኳ ይህን ያህል የቆየ ጎማ ላስቲኩ ስለሚደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጎንደር አዘዞ ባየሁት መኪና ሦስቱ ጎማዎች 1417 ሲሉ፣ የፊት ቀኙ ብቻ ሌላ ብራንድና 3022 ነበር። መሪውን አዙሬ የውስጥ ጠርዙን በእጄ ስዳስሰው ልሙጥ ሆኗል፤ ከሁሉ አዲሱ ጎማ በአንድ ወገን መበላቱ ያ እግር የአላይመንት ወይም የሞላ ችግር እንዳለበት፣ ምናልባትም የቀድሞውን ጎማ የጨረሰው ይኸው እንደሆነ ይጠቁማል። ስለዚህ የአራት ጎማና የጥገናውን ዋጋ ከገበያ ጠይቄ ከመኪናው ዋጋ እንዲቀነስልኝ ተደራደርሁ።

አራቱም አዲስ ከሆኑ ግን ይህ ምልክት ስለሚጠፋ ስኮርታውን ይዩ፣ አላይመንቱንም ያስለኩ፤ ግጭት የሚያጠራጥር ነገር ካለም ጋራዥ ሳያስመረምሩ ስለ ቅናሽ አይነጋገሩ።