የቅሬ ቃለ ጉባኤን ወደ ውሳኔና ሥራ ሲያሳጥሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በዙሪያዋ እድር ቅሬ ይባላል፤ ብዙ የቅሬ ጸሐፊዎችም ቃለ ጉባኤ የሚጽፉት ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል በመተረክ ነው። አባላት ከወር በኋላ መዝገቡን ሲከፍቱ ግን የሚፈልጉት ምን እንደተወሰነና ማን ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ ነው። ለማሳያ የሚከተለውን እንመልከት፤ ስብሰባው የተደረገው ሚያዝያ ውስጥ ነው እንበል።

«ንብረት ጠባቂው አንዱ ድንኳን በሁለት ቦታ ስለተቀደደ ክረምቱ ሳይገባ ይሰፋ አሉ። አንድ አባል ከመስፋት አዲስ ቢገዛ ይሻላል አሉ። ገንዘብ ያዥ በበኩላቸው በባንክ ያለው 46,000 ብር መሆኑን፣ ከዚህም 30,000 ብሩ የሐዘን መጠባበቂያ ስለሆነ እንደማይነካ ገለጹ። ሌላ አባል የወር መዋጮው ከ50 ወደ 70 ብር ይደግ አሉ፤ ብዙ ሰው ደገፈ። ዳኛው የመዋጮው ነገር በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል አሉ። በመጨረሻም ድንኳኑ ከ8,000 ብር ባልበለጠ ወጪ እንዲሰፋ ተስማማን።»

ድጋፍ ያገኘን ሐሳብ ውሳኔ አድርጎ መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ብዙ ሰው ደገፈ» የሚለውን ያየ ጸሐፊ «የወር መዋጮ 70 ብር ሆነ» ብሎ ያሳጥራል። ገንዘብ ሰብሳቢው በዚያ ወር 70 ብር ሲጠይቅ ግማሹ አባል «መቼ ተወሰነ?» ይላል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። ከላይ ባለው ጽሑፍ መዋጮው አልጨመረም፤ ለጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል። ለመለየት ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን አጀንዳ ከመጨረሻው ወደ ላይ ማንበብ ነው። መቋጫው «ተስማማን»፣ «ተወሰነ» ወይም «በድምፅ ጸደቀ» ካላለ ውሳኔ የለም። «ቢሆን ይሻላል»፣ «ይደግ አሉ»፣ «ተደገፈ» የሚሉት ሁሉ ሐሳብ ናቸው። የተላለፈውን ጉዳይ ደግሞ አይጣሉት፤ «የተላለፈ» ብለው ለብቻው ይጻፉት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ውስጥ ሳይገባ ይረሳል።

ሠሪው የጠፋበት ዓረፍተ ነገር

«ድንኳኑ እንዲሰፋ ተወሰነ» ውሳኔውን ይነግረናል፤ ማን ሰፊ ዘንድ ይዞት እንደሚሄድ ግን አይነግረንም። «ኮሚቴው ያሰፋል» ማለትም መፍትሔ አይሆንም፤ አምስቱም የኮሚቴ አባላት አንዱ ሌላውን ይጠብቃሉ። ለአንድ ሥራ አንድ ሰው ይጻፉ። የሚያግዙት ካሉ ከስሙ ቀጥሎ ይጠቀሱ እንጂ ተጠያቂው አንድ ይሁን።

ክፍተቱን በራስ ግምት መሙላት

ልብ ብለው ካነበቡ ከላይ ያለው ጽሑፍ ሠሪውን አይናገርም። ጥያቄውን ያነሱት ንብረት ጠባቂው ስለሆኑ ሥራውም የእሳቸው ነው ብሎ መጻፍ ይቀናል። ስብሰባው ግን አልሰየማቸውም። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ «ክረምቱ ሳይገባ» ለአንዱ ግንቦት፣ ለሌላው ሐምሌ ይሆናል። እዚህ ጋ ጸሐፊው «ኃላፊ አልተሰየመም፣ ቀን አልተቆረጠም» ብሎ ይያዝና ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ዳኛውን ይጠይቅ። ዳኛው ንብረት ጠባቂውን አነጋግረው እሺ ካሰኙና ቀን ከቆረጡ በኋላ ብቻ ይጻፍ።

ገደቡን ከወሬው ጋር አብሮ መቁረጥ

ለማሳጠር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው የገንዘብ ያዥ ንግግር ነው። ውሳኔው የቆመው ግን በእሱ ላይ ነው፤ መጠባበቂያው ስለማይነካ ለወጪ የሚተርፈው 16,000 ብር ብቻ ነው። ይህ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ ድንኳን የመግዛቱ ክርክር ከዜሮ ይጀምራል። የ8,000 ብሩ ጣሪያ ከጠፋ ደግሞ ሰፊው 11,000 ብር ቢጠይቅ ንብረት ጠባቂው መክፈል ይችሉ እንደሆነ አያውቁም። ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ገደቡ በቁጥር ይቀመጥ። ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ ግን ይውጣ። ልዩ ሐሳቤ በስሜ ይመዝገብልኝ ያለ አባል ካለ የእሱ ብቻ ከነስሙ ይቆያል።

ዳኛው ሠሪውንና ቀኑን ካረጋገጡ በኋላ ያ ሁሉ ትረካ ወደዚህ ይወርዳል፦

> ውሳኔ፦ የተቀደደው ድንኳን ከ8,000 ብር ባልበለጠ ወጪ ይሰፋል። ምክንያት፦ 30,000 ብር መጠባበቂያ ስለማይነካ።
> ሥራ፦ ንብረት ጠባቂው እስከ ግንቦት 20 አሰፍተው ደረሰኙን ለገንዘብ ያዥ ያስረክባሉ።
> የተላለፈ፦ የወር መዋጮን ከ50 ወደ 70 ብር የማሳደግ ሐሳብ፣ ለጠቅላላ ጉባኤ።

ዋናውን መዝገብ መተው

አጭሩ ጽሑፍ ለአባላት በስልክ ለመላክና በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ለማንበብ ነው። የተሰብሳቢዎች ፊርማ ያለበትን ቃለ ጉባኤ አይተካም። ለምሳሌ የባንክ ፈራሚ ሲቀየር ባንኩ የሚጠይቀው የተፈረመበትን ቃለ ጉባኤ ነው። ስለዚህ ማጠቃለያውን በዚያው መዝገብ፣ ከፊርማዎቹ በላይ ይጻፉት፤ ፈራሚዎቹ ትረካውንም ውሳኔውንም አንብበው ይፈርማሉ።