ክርክሩ ከድርሰቱ እንዳይርቅ፦ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አከራክሬያለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ክፍሉ ይሞቃል፣ ይጨበጨባል፣ ደወሉ ሲደወል ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል። በማግስቱ ግን ድርሰቱን በተመለከተ ጥያቄ ስጠይቅ ክርክሩ ምንም እንዳልጨመረላቸው አየሁ። ችግሩ ከተማሪዎቹ አልነበረም፤ ከእኔ አዘገጃጀትና ከዳኝነቴ ነበር። ስህተቶቹን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌዬ የሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን ስለሚያውቀው ለመከተል አይከብድም።

ድርሰቱ ሊመልሰው የማይችል ርዕስ መስጠት

«ፍቅር ይበልጣል ወይስ ቤተሰብ?» ብዬ አከራክሬ አውቃለሁ። ተማሪው መጽሐፉን ሳይገልጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊያወራበት ይችላል። ያወሩትም እንደዚያው ነበር፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ፊልም። ጥሩ ርዕስ ተማሪውን ወደ ገጹ ይመልሰዋል። ለምሳሌ፦ «ለሮሚዮና ለጁልየት ሞት ከማንም በላይ ተጠያቂው መነኩሴው ሎሬንስ ነው።» ሎሬንስ ሁለቱን በስውር ያጋባ፣ በኋላም ጁልየት የሞተች እንድትመስል የሚያስተኛ መድኃኒት የሰጣት ሰው ነው። እዚህ ላይ «ከማንም በላይ» የሚለው ሐረግ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ደጋፊው ወገን የሎሬንስን ጥፋት ቢያሳይ እንኳ አይበቃውም፤ ከሌሎቹ ጥፋት ጋር ማመዛዘን አለበት። ተቃዋሚውም «ሎሬንስ ንጹሕ ነው» ለማለት አይገደድም። ሌላ ሰው የበለጠ እንዳጠፋ ማስረዳት ይበቃዋል።

ርዕስ ከመስጠቴ በፊት አሥር ደቂቃ ወስጄ ለየወገኑ ሦስት ማስረጃ ከነቦታው እጽፋለሁ። አንዱ ወገን ባዶ ከቀረ ርዕሱን እጥለዋለሁ። እኔ ያላገኘሁትን ከተማሪ መጠበቅ አይገባም።

ወገኑን ቀድሞ ማሳወቅ

ተማሪ «አንተ ደጋፊ ነህ» ከተባለ የሚያነበው የሚጠቅመውን ብቻ ነው። የማይመቸውን ትዕይንት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። አሁን ሁሉም ለሁለቱም ወገን እንዲዘጋጅ አደርጋለሁ። ወገኑ የሚለየው በዕጣ፣ ክርክሩ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ። ግን የዝግጅት ወረቀታቸውን ሳይ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ወረቀቱ አራት ዓምድ ብቻ አለው፦ ምን እላለሁ፣ ከየትኛው ገቢርና ትዕይንት አመጣዋለሁ፣ ይህ ነገሬን እንዴት ያሳያል፣ ተቃራኒው ምን ይለኛል። ተማሪ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚተወው ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ ስዞር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ጥቅስን እንደ ማረጋገጫ ቆጥሮ ማለፍ

የሦስተኛው ዓምድ ነገር ሰፋ ማለት አለበት፤ አብዛኛው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ነውና። አንዲት ተማሪ ተነስታ «በአምስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ሎሬንስ ጁልየትን መቃብሩ ውስጥ ጥሏት ሸሽቷል፤ ስለዚህ ገዳያቸው እሱ ነው» አለች። ክፍሉ አጨበጨበ። ማስረጃው እውነት ነው፤ ዘበኞቹ ሲመጡ ሰምቶ ይሄዳል። ግን እሱ በሚሸሽበት ሰዓት ሮሚዮ ሞቷል። ማስረጃው ስለ ጁልየት ሞት ብቻ ይናገራል፤ መደምደሚያው ግን ስለ ሁለቱም ነው። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ማንም አላየውም።

አሁን ከጥቅሱ በኋላ ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨምር አስገድደዋለሁ፦ «ይህ የሚያሳየው ... ብቻ ነው።» «ብቻ» የምትለው ቃል ተማሪውን ታቆመዋለች። ማስረጃው እስከ የት እንደሚደርስ ራሱ እንዲለካ ታደርገዋለች።

ለማስተባበያ ጊዜ አለመስጠት

ሁለት ወገን ቤቱ የጻፈውን ንግግር ተራ በተራ ካነበበ ክርክር የለም። አንዱ ሌላውን መስማት አለበት። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ለየወገኑ መክፈቻ አራት ደቂቃ፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ የሚመክርበት አምስት ደቂቃ፣ ለየወገኑ ማስተባበያ አራት ደቂቃ፣ መዝጊያ ሁለት ደቂቃ። ይህ 25 ደቂቃ ይወስዳል። የቀረው ለዳኝነትና ለውይይት ነው። የምክክሩን አምስት ደቂቃ ጊዜ ቢያጥርም አልነካውም። ጥሩ ማስተባበያ የሚወለደው እዚያ ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ደጋፊዎቹ «ሎሬንስ የጁልየትን የውሸት ሞት ለሮሚዮ የሚያስረዳውን የሞት ሽረት ደብዳቤ በአንድ መልእክተኛ ብቻ ላከ» አሉ። ተቃዋሚዎቹ ወደ አምስተኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ሄዱ። መልእክተኛው መነኩሴ ጆን በወረርሽኝ ጥርጣሬ ቤት ተዘግቶበት ነው የቀረው፤ ሎሬንስ ወረርሽኝን ሊቆጣጠር አይችልም አሉ። ከምክክሩ በኋላ ከደጋፊዎቹ አንዱ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ «ወረርሽኙ የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ተቀብለናል። እኛ የምንከሰው በአንድ ክር ላይ ሁለት ሕይወት በማንጠልጠሉ ነው። ክሩ በምንም ምክንያት ሊበጠስ ይችል ነበር።» እውነቱን ተቀብሎ መደምደሚያውን ነጠቀ። ይህን በየቤቱ በተጻፈ ንግግር አታገኙትም።

በድምፅ ኃይልና በራስ አስተያየት መዳኘት

ዳኛ ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛው ደፋር ተናጋሪ ነው። ሁለተኛው የራሱ አቋም ነው፤ «ይህን ማለት ነበረባቸው» እያለ ያልተባለውን በልቡ ይሞላላቸዋል። ለሁለቱም መድኃኒቱ የመከታተያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ የደጋፊውን ነጥቦች በግራ፣ መልሱን ከትይዩ በቀኝ እጽፋለሁ። ተቃዋሚው የሚያመጣው አዲስ ነጥብም ከሥር ይገባል፤ መልሱ እንዲሁ ከትይዩው። ትይዩው ባዶ የቀረ ነጥብ ሳይመለስ የቀረ ነው። ያልተባለ ነገር ወረቀቱ ላይ የለምና አይቆጠርም። ተመልካች ተማሪዎችም ይህንኑ ይይዛሉ፤ ሥራ ፈትተው አይቀመጡም።

ከ40 ነጥብ ማስረጃው 10፣ ማስረጃውን ከሐሳቡ ጋር ማገናኘቱ 10፣ ለተቃራኒው መመለሱ 15፣ አቀራረቡ 5 ይይዛል። አቀራረብን ዜሮ አላደረግሁትም፤ የማይሰማ ሐሳብ ማንንም አያሳምንም። ግን ዓይን አፋር ተማሪ በሐሳቡ ብቻ የሚያሸንፍበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት። የግል ውጤትም ከማሸነፍ ጋር አይያያዝም። ዕጣ ወገኑን የመረጠለትን ልጅ በሽንፈት መቅጣት ፍትሕ አይደለም።

በዚያን ቀን ክርክር ያሸነፉት ተቃዋሚዎቹ ነበሩ። የክሩ ንግግር ሁሉንም ስለማረከ ብዙዎች ቅር አላቸው። ወረቀቴን አነበብኩላቸው፦ «ተቃዋሚው፣ የጁልየት አባት ካፑሌት ልጁን ለፓሪስ ሊድርበት የነበረውን ሰርግ በአንድ ቀን እንዳስቀደመው፣ በዚህም ደብዳቤው የሚደርስበት ጊዜ እንዳጠረ ከአራተኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት አሳይቷል። ደጋፊው ስለ መልእክተኛው ድንቅ መልስ ሰጥቷል፤ ለዚህ ነጥብ ግን ምንም አላለም። ‹ከማንም በላይ› የሚለው ያልተመዘነው እዚህ ላይ ነው።» ያ የክሩ ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ ትዕይንቱን ፈለገ። «አንብቤው ነበር እኮ» አለ፤ ከወረቀቱ አራተኛ ዓምድ ላይም በራሱ እጅ ጽፎት አገኘው።