ሃይፐሪከም እና ሌሎች መድኃኒቶች፦ የወሊድ መከላከያና የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች እንዴት መጠንቀቅ አለባቸው?

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ከቫይታሚኑና ከዓሣ ዘይቱ ጋር በሻንጣው ይዞት የሚመጣ አንድ እንክብል አለ፤ ሃይፐሪከም፣ በሌላ ስሙ ሴንት ጆንስ ወርት። «ቅጠል ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ድብርት ያቀልላል» ተብሎ ይሰጣል። ቀላልና መካከለኛ ድብርት ላይ የሚሠራ መሆኑ በጥናት የታየ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ መሆኑም እንዲሁ፤ ይኼኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል።

መጀመሪያ፦ በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ይለዩ

ብልቃጡን ይዘው ፋርማሲ ይሂዱና ይዘቱን ያስነብቡ። ለስሜት፣ ለእንቅልፍ ወይም ለማረጥ ተብለው የሚሸጡ ቅልቅሎች ውስጥም ሃይፐሪከም ሊኖር ስለሚችል የፊቱን ስም ብቻ አይመኑ፤ ከኋላ በደቃቅ የተጻፈውን ዝርዝር ያሳዩ። የተለመደው መጠን 300 ሚሊ ግራም ጭማቂ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ብልቃጡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ሃይፐሪሲን የሚባለው ንጥረ ነገር መጠን ሲሆን መድኃኒት የሚያበላሸው በዋናነት ሌላው፣ ሃይፐርፎሪን ነው። የእሱ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ «የእኔ ቀላሉ ዓይነት ነው» ብሎ መገመት አያዋጣም።

በጮቄ ተራራ የሚበቅለው ባለ ቢጫ አበባው አሜጃ የዚሁ ወገን ተክል ነው፤ ዝርያው ግን ሌላ ነው። እንክብሉ ሲያልቅ አሜጃ ቀቅሎ መጠጣት አንዱን በሌላው መተካት አይሆንም። በእንክብሉ ላይ የተጻፈው ልክም ለአሜጃ አይሠራም።

ጠዋትና ማታ ለያይቶ መውሰድ ለምን አይጠቅምም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሆድ ውስጥ ስለሚገናኙ የሚጣሉ ይመስለውና አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ይወስዳል። ነገሩ የሚፈጸመው ጉበትና አንጀት ውስጥ ነው። ሃይፐርፎሪን እነዚህ አካላት መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ከወትሮው አብዝተው እንዲያመርቱ ያደርጋል። ኢንዛይሙ ለመብዛት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ከበዛ በኋላ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ሰውየው ሃይፐሪከሙን ዛሬ ቢያቆምም ኢንዛይሙ ወደ ልኩ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚቆጠረው በሰዓት ሳይሆን በሳምንት ነው።

የወሊድ መከላከያ፦ የትኛው ይነካል?

በየቀኑ የሚዋጠው እንክብልና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሁለቱም ይዳከማሉ። የሚቀበረው ለዓመታት ያለ ሐሳብ የሚያኖር ስለሆነ ይበልጥ ያዘናጋል፤ ሴትየዋ እንክብል አልዘለለች፣ ቀጠሮ አላለፈች፣ ሆኖም በደሟ ውስጥ ያለው ሆርሞን ወርዷል። በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዲፖ መርፌና ሉፕ ግን አይነኩም። የሃይፐሪከምን ጉዳይ ለጤና ባለሙያዋ ስትነግሪያት ወደ እነዚህ መቀየር እንደሚቻል አብረሽ ጠይቂ።

አንድ ምሳሌ በቀን እንቁጠር። ደብረ ማርቆስ የምትኖር፣ ክንዷ ላይ መከላከያ ያስቀበረች ሴት መስከረም 5 ሃይፐሪከም ጀመረች እንበል። መስከረም 19 ገደማ ኢንዛይሙ በሚገባ በዝቷል። በጥቅምት መጀመሪያ የወር አበባዋ ሳይደርስ ጠብ ጠብ የሚል ደም ታያለች። ይህ ሆርሞኑ መውረዱን ሊጠቁም ይችላል፤ ደም አለመታየቱ ግን የመከላከያውን ደህንነት አያረጋግጥም። ጥቅምት 10 ሃይፐሪከሙን ታቆማለች። ከዚያ ቀን ጀምራ አራት ሳምንት፣ ማለትም እስከ ኅዳር 8፣ ኮንዶም መጠቀም አለባት። ያለ ኮንዶም የመጨረሻው ግንኙነት ጥቅምት 8 ከነበረ የእርግዝና ምርመራው አስተማማኝ መልስ የሚሰጠው ከ21 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 29 ነው። ቀደም ብሎ የተሠራ ምርመራ «የለም» ቢል መደገም አለበት።

ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የአደጋ ጊዜ እንክብልም ከዚሁ አያመልጥም። ሃይፐሪከም እየወሰደች ያለች ወይም ካቆመች አራት ሳምንት ያልሞላት ሴት የተሻለ ምርጫዋ በአምስት ቀን ውስጥ የመዳብ ሉፕ ማስገባት ነው። ያ ካልሆነ በብሪታንያ የሚመከረው የሌቮኖርጀስትሬሉን መጠን ማጠፍ፣ ማለትም በ1.5 ፈንታ 3 ሚሊ ግራም መውሰድ ነው። ይህንን ለፋርማሲው ባለሙያ ሳይነግሩ በራስ መወሰን አይገባም።

ከድብርት መድኃኒት ጋር

እዚህ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ሃይፐሪከምም እንደ ፍሉኦክሲቲንና ሰርትራሊን ሁሉ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ስለሚጨምር፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ኬሚካሉ ይትረፈረፋል። አሚትሪፕቲሊንና ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ትራማዶልም ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ ትራማዶልን ብዙ ሰው ከድብርት ጋር ስለማያያይዘው ለሐኪም ሳይነግር ያልፈዋል።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት በተጨመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፦ መቁነጥነጥ፣ ላብ፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠን። እዚህ አካባቢ ትኩሳትና ላብ ሲመጣ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ መገመት ይቀናል። ልዩነቱን የሚያሳየው የጡንቻ ነገር ነው፤ እግር በራሱ ፈንጠር ፈንጠር ይላል፣ ጡንቻ ይገታተራል። ትኩሳቱ ከጨመረ ወይም ሰውየው ከተቃዠ ሁለቱንም ብልቃጥ ይዞ በፍጥነት ሆስፒታል መሄድ ነው።

ምሳሌያችን ውስጥ ያለችው ሴት ሐኪም ሰርትራሊን ሊያዝላት ቢፈልግ፣ የተለመደው ጥንቃቄ ሃይፐሪከሙን ካቆመች ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ጥቅምት 24 ገደማ መጀመር ነው። በተቃራኒው ፍሉኦክሲቲን ሲወስድ የቆየ ሰው ወደ ሃይፐሪከም መሄድ ከፈለገ አምስት ሳምንት መጠበቅ አለበት፤ ፍሉኦክሲቲን ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ነውና። የታዘዘ መድኃኒትን «ቅጠሉ ይሻለኛል» ብሎ በራስ ማቋረጥ ግን ድብርቱን ሊያባብስ ይችላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ደግሞ የእንክብል ምርጫ ላይ ጊዜ ሳያጠፋ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

ሌሎቹ

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሃይፐሪከም ጨርሶ አይንካ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢንዲናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በ57 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ያ መድኃኒት ዛሬ እምብዛም ባይሰጥም፣ አሁን በሰፊው የሚሰጠው ዶሉተግራቪርም በሃይፐሪከም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሲያንስ ቫይረሱ ይላመዳል። የወባው ኮአርተምም ከዚህ ጋር አይሄድም፤ ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የልቡ ዲጎክሲንና ኩላሊት ለተተከለለት ሰው የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪንም ይቀንሳሉ።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጉዳይ ለብቻው ነው። ከሃይፐሪከም ጋር ሲወስደው ደሙ የመርጋት አደጋ ይጨምራል፤ ሐኪሙም ምክንያቱን ሳያውቅ የዋርፋሪኑን መጠን ከፍ ያደርግለታል። ከዚያ ሃይፐሪከሙን በድንገት ሲያቆም ኢንዛይሙ ይቀንሳል፣ ዋርፋሪኑ ይበዛል፣ ድድና አፍንጫ መድማት ይጀምራል። ስለዚህ ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው ማቆሙን ቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ የደም መርጋት ምርመራውም ካቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይሠራለት።