ስለ ፎቶ ማሳመሪያ አፕ ለተማሪ ስናወራ የምንሳሳተው

ይህን ርዕስ ይዤ ክፍል የገባሁ ቀን ንግግሬ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተማሪዎቼ ማዛጋት ጀመሩ። ጥፋቱ የኔ ነበር።

«ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ መጀመር

ይህንንማ ከኛ በላይ ያውቁታል። ፊልተሩን በስሙ ይጠሩልሃል። ችግሩ፣ ማወቅ ብቻውን ማወዳደርን አያስቆምም። ኖርዌይ በ2021 ባወጣችው ሕግ የሰውን ቅርፅ ወይም ቆዳ ያስተካከለ ማስታወቂያ ምልክት እንዲለጠፍበት አዛለች። የዚህ ዓይነት ምልክት በተሞከረባቸው በርካታ ጥናቶች ግን ተመልካቹ በገላው ላይ የሚሰማው ቅሬታ እምብዛም አልቀነሰም። ዓይን አይቶ ካወዳደረ በኋላ ነው ጽሑፉ የሚነበበው።

አፑን ብቻ መውቀስ፣ ካሜራውን መርሳት

ብዙ ጊዜ የምንዘለው ይህን ነው። አንዲት ተማሪ «አፍንጫዬ ሰፊ ስለሆነ ነው በአፑ የማጠብበው» አለችኝ። ፎቶዎቿ ሁሉ ክንዷን አጠፍ አድርጋ ያነሳቻቸው ሰልፊዎች ናቸው።

መልስ ከመስጠት ይልቅ በራሴ ፊት ሞከርን። አንድ ልጅ በዚያው ስልክ፣ መጀመሪያ ከ30 ሴንቲሜትር፣ ቀጥሎ ከ1 ሜትር ተኩል አነሳኝ። ሁለተኛውን አሳድገን ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለውን ስፋት ከመጀመሪያው ጋር እኩል አደረግነው። አፍንጫዬን ሲያዩት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራነው። ጆሮዬ ከአፍንጫዬ ጫፍ 12 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይርቃል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው 30 ሴንቲሜትር ከራቀ ከጆሮው 42 ይርቃል። 42 ለ30 ሲካፈል 1.4 ይሆናል፤ አፍንጫው ከጆሮው አንፃር ይህን ያህል እጥፍ ገዝፎ ይታያል ማለት ነው። ከሩቁ ግን 162 ለ150 ነው፤ 1.08። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በ30 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በ2018 የታተመ የሐኪሞች ስሌትም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ልጅቷ በአፑ ስታጠብብ የከረመችው ቅርበቱ የጨመረውን ስፋት ነበር ማለት ነው።

ይህ ግን ስለ ቆዳ ማለስለሻ ምንም አይናገርም። የቅርበት ጣጣን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ታዋቂ ሰውን ምሳሌ ማድረግ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚመዝነው በጣም ከሚርቀው ይልቅ ከሚመስለው ጋር ነው። ስለዚህ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጎን ወንበሯ ልጅ ያሳመረችው ፎቶ ነው።

«ሁላችሁም ቆንጆ ናችሁ» ማለት

አንዱ ወዲያው «ቲቸር፣ እርስዎማ ምን ይበሉ?» አለኝ። ልክ ነው። ደግሞም ሚዛኑ እዚያው መልክ ላይ ይቀራል። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ስንት አንስተህ ስንቱን አጠፋህ? ላይክ ሲያንስ ምን አደረግህ? መልሱን ለራሳቸው ይጽፋሉ፤ አልሰበስብም።

የተማሪ ፎቶ ለማሳያ ማውጣት

ፈቃደኛ ቢሆንም እንኳ አይሆንም። ከክፍል ሲወጣ መቀለጃ ይሆናል። ከክፍል ፎቶ ሁሌ የሚሸሽ ወይም ያለ ፊልተር መታየት የሚያስጨንቀው ተማሪ ካየሁ ደግሞ፣ እሱን በዚህ ንግግር አልመልሰውም፤ ለብቻው አነጋግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ አብሬው እሄዳለሁ።