«ክፍያ የለም» እየተባለ የሚደርሰው ለምን ያንሳል?

በየወሩ ለቤተሰብ 200 ዶላር እልካለሁ። መተግበሪያው የአገልግሎት ክፍያ ዜሮ ይላል፤ የሚደርሳቸው ግን ሁሌ ካሰብኩት ያንሳል። ክፍያ ብቻ ሳወዳድር ምንም አልተገኘም። በክሬዲት ካርድ ስከፍል ጭራሽ ባሰ፤ ባንኩ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ ወለድ ጨመረበት።

የሠራልኝ ይሄ ነው። ሁለት መተግበሪያዎችን ጎን ለጎን ከፈትኩ። ከኪሴ የሚወጣውን ጠቅላላ 200 አድርጌ፣ የሚደርሰውን ብቻ አየሁ። አንዱ ያለ ክፍያ ዶላሩን በ96 ሲመነዝር 19,200 ይደርሳል። ሌላው 4 ዶላር ቆርጦ ቀሪውን 196 በ100 ሲመነዝር 19,600። ለካ ክፍያው ምንዛሬው ውስጥ ተደብቋል! ስታወዳድሩ መክፈያውና መቀበያው መንገድ አንድ ዓይነት ይሁን። ለአዲስ ደንበኛ ብቻ የሚሰጠውን ምንዛሬ እርሱት፤ በሁለተኛው ወር የለም።

አሁን ደሞዝ እንደገባ 200ውን ከቤት ኪራይ ጋር ለይቼ አስቀምጣለሁ። ምንዛሬው ቢዋዥቅም የኔ ወጪ አይነቃነቅም።